ሆድ ሲነፋ የሚፈላው ሻይ፦ ካሞማይል፣ ናና እና እንስላል፤ ሻዩን ትቶ ሐኪም ቤት የሚኬደውስ መቼ ነው?

ለ55 ቀን ሽሮ፣ ምስርና ጎመን የለመደ ሆድ በፋሲካ ሌሊት ዶሮ ወጥ፣ ቅቤና ሥጋ በአንድ ጊዜ ይገባበታል። ቅባት የበዛበት ምግብ ከጨጓራ ቶሎ አይወጣም። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ላይ ሆድ ይነፋል፣ ቀበቶ ይላላል፣ አንዱ ሶፋው ላይ ጋደም ይላል፤ ሌላው "እስቲ የሆነ ነገር አፍሉልኝ" ይላል። እኛ ቤት እንዲህ ሲባል የሚነሡት ሦስት ናቸው፦ ካሞማይል፣ ናና እና እንስላል። ሦስቱም ይሠራሉ። ግን የሚሠሩት ለተወሰነ ዓይነት ሕመም ነው፤ አፈላላቸውም ይለያያል። እኔ ደግሞ በአንድ የፋሲካ ቀን ሻይ እያፈላን ሰዓት ስላባከንን፣ ይህን ስጽፍ ሁለቱን ነገር አብሬ ማስቀመጥ እፈልጋለሁ፤ አፈላሉንም፣ ማቆሚያውንም።

መጀመሪያ፦ ውሃ ከመጣዳችሁ በፊት

ያመመውን ሰው "የቱ ጋ ነው?" በሉት። ከዚያ አፉን ሳይሆን እጁን ተመልከቱ። መዳፉን ዘርግቶ ሆዱን በሙሉ ካሻሸ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጋዝ ወይም የአንጀት ቁርጠት ነው። በአንድ ጣት አንድ ቦታ ላይ ከጠቆመ ግን ጠንቀቅ በሉ።

ቀጥሎ ሕመሙ መጣ ሄድ ይላል ወይስ አንድ ወጥ ነው ብላችሁ ጠይቁ። ተራ ቁርጠት ጭብጥ አድርጎ ይለቃል፤ ፈስ ሲወጣ ወይም ሽንት ቤት ሲኬድ ቀለል ይላል። ሰውዬው ይገላበጣል፣ ይነሣል፣ ይቀመጣል። ያለማቋረጥ የሚያም፣ በየሰዓቱ የሚብስ፣ ሰውየው ንቅንቅ ማለት የሚፈራው ሕመም ከዚህ የተለየ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ ያሳፍራል፤ ግን መጠየቅ አለበት፦ ጋዝ ወጥቶለታል ወይ? ሆዱ እየተወጠረ ሄዶ ጋዝም ሰገራም ጨርሶ እምቢ ካለ፣ በተለይ ማስመለስ ከተጨመረበት፣ አንጀት ተዘግቶ ወይም ተጠምዝዞ ሊሆን ይችላል። በአገራችን በተለይ በደጋው አካባቢ ትልቁ አንጀት ዞሮ መታጠፉ ሐኪሞች ደጋግመው የሚያዩት ችግር ነው። ከውጭ ሲታይ "ሆዴ ተነፋ" ከሚለው ተራ ነገር ጋር ይመሳሰላል። የተጠመዘዘን አንጀት ግን የትኛውም ሻይ አይፈታውም።

እነዚህ ጥያቄዎች ምንም የሚያስፈራ ነገር ካላሳዩ ውሃውን ጣዱ።

የትኛውን ልምረጥ?

ሆድ ተነፍቶ፣ ጋዝ አልወጣ ብሎ የሚያጉረመርም ከሆነ እንስላል። ቁርጠቱ ከእምብርት በታች ከሆነና ጭብጥ ለቀቅ የሚያደርግ ከሆነ ናና። ከጭንቀት፣ ከእንቅልፍ እጦት ወይም ሰዓቱን ሳይጠብቅ ከተበላ ምግብ ጋር የመጣ፣ ቀለል ያለ የሆድ መረበሽ ከሆነ ካሞማይል። እኔ ስመርጥ እንዲህ ነው።

ሦስቱ የሚጋሩት ነገር አለ። የአንጀት ግድግዳ ጡንቻ ነው። ያ ጡንቻ ሲኮማተር ይቆርጠናል። የእነዚህ ተክሎች ዘይት ጡንቻውን ያላላዋል፤ ሲላላ የታፈነው ጋዝ መንገድ ያገኛል። በቃ፣ ሥራቸው ይኸው ነው። ቁስል አይዘጉም፣ ባክቴሪያ አይገድሉም፣ የሐሞት ጠጠር አያሟሙም።

ስለ ናና አንድ ነገር ላስቀድም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ናና ጡንቻ የሚያላላው አንጀት ላይ ብቻ አይደለም። በጉሮሮ ቧንቧና በጨጓራ መካከል ያለውን፣ አሲድ ወደ ላይ እንዳይመለስ የሚዘጋውን ቀለበትም ያላላዋል። ስለዚህ ቃር ያለበት ሰው "ጨጓራዬን ይጥረግልኝ" ብሎ ናና ሲጠጣ፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ደረቱ ሊቃጠል ይችላል። ጋደም ካለ ደግሞ ይብስበታል። ሕመማችሁ ከደረት አጥንት ሥር የሚያቃጥል፣ አፍ ላይ ኮምጠጥ የሚል ከሆነ ናናን ተዉት። የሐሞት ጠጠር አለባችሁ የተባላችሁም ሐኪም ሳታማክሩ አትጠጡት።

ደግሞ ናና ሁሉ አንድ አይደለም። በየጓሮው የምንተክለው፣ ሻይ ላይ ጣል የምናደርገው ናና ብዙውን ጊዜ ለስላሳው ዓይነት ነው። በሱፐርማርኬት በከረጢት የሚሸጠው፣ ፔፐርሚንት የሚባለው፣ አፍ የሚያቀዘቅዘው ሜንቶል በብዛት አለው። ቁርጠት ላይ ጎበዙ እሱ ነው። ቃርን ይበልጥ የሚያስነሣውም እሱ ነው።

እንስላል ሲገዛ

ለሆድ የሚፈላው ፍሬው ነው። ገበያ ላይ ከከሙን ጋር በቀላሉ ይምታታል፤ ሁለቱም ረዘም ያሉ፣ መስመር መስመር ያላቸው ናቸው። የእንስላል ፍሬ ግን ወደ አረንጓዴ ያደላል፣ ወፈር ይላል። ሁለት ፍሬ በጥርሳችሁ ስበሩ። ጣፋጭ፣ አረቄ አረቄ የሚል ሽታ ካለው እሱ ነው። ከሙን ይመራል፣ ይከረፋል።

ከመንገድ ዳር ነቅላችሁ አታፍሉ። እንስላል በየአጥሩ ሥር ይበቅላል፤ እውነት ነው። ነገር ግን የመኪና ጭስና ፍሳሽ ይጠጣል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ፣ ቅጠላቸውና ጃንጥላ የመሰለ አበባቸው ከእሱ ጋር የሚመሳሰል ዘመዶቹ ውስጥ መርዛማዎች መኖራቸው ነው። ገበያ ላይ ያለው ውድ አይደለም።

ዐረብ አገር ያላችሁ እንስላልን ሹማር፣ ካሞማይልን ባቡነጅ ብላችሁ ጠይቁ። እስራኤልም እንስላል ሹማር ነው። ናና እዚያም ናና ነው። በነገራችን ላይ ማራቶን የሚለው የግሪክ ቦታ ስም የመጣው ከእንስላል ነው ይባላል፤ በጥንቱ ግሪክኛ ተክሉ በዚሁ ስም ይጠራ ነበር። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ያሸነፈው ሩጫ ስሙ ከእኛው የአጥር ሥር ተክል ጋር ይገናኛል ማለት ነው።

አፈላሉ

እንስላል፦ አንድ የሻይ ማንኪያ ሙሉ ፍሬ ውሰዱ፤ 2 ግራም ያህል ነው። በሙቀጫ ሁለት ሦስቴ ብቻ ደቀቅ አድርጉት። ዱቄት እንዲሆን አይደለም፤ ልጡ ይሰንጠቅ ብቻ። ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ብዙ ነው። ዘይቱ ያለው ፍሬው ውስጥ ስለሆነ ያልተሰነጠቀ ፍሬ ውሃውን እምብዛም አያሸተውም። ቀድማችሁ ወቅጣችሁም አታስቀምጡ፤ ዘይቱ ይተናል። የወቀጣችሁትን አንድ ትልቅ ኩባያ ውስጥ ጨምሩ፤ 250 ሚሊ ሊትር ያህል የፈላ ውሃ አፍስሱበት። ክደኑት። 15 ደቂቃ ይቆይና አጥልላችሁ ጠጡ።

ናና፦ ደረቅ ከሆነ አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ እርጥብ ከሆነ ታጥቦ በእጅ የተቆራረጠ አንድ ጭብጥ ቅጠል። ለአንድ የሻይ ብርጭቆ የፈላ ውሃ ይበቃል። ክደኑና 10 ደቂቃ ጠብቁ።

ካሞማይል፦ የደረቀ አበባ ካገኛችሁ አንድ የሾርባ ማንኪያ ለአንድ ብርጭቆ፤ 10 ደቂቃ፤ ከድኖ። የከረጢት ሻይ ከሆነ አንዱ ከረጢት ብዙ ጊዜ ከ1 ግራም ትንሽ ቢበልጥ ነው። ለሆድ ሁለት ከረጢት በአንድ ብርጭቆ አድርጉ። ብዙ ሰው "ካሞማይል ምንም አላደረገልኝም" የሚለው አንዷን ከረጢት ሁለት ደቂቃ አጥልቆ ስለሚያወጣት ነው።

ክዳኑ ላይ የምደጋግመው ያለምክንያት አይደለም። ሥራ የሚሠራው ዘይት ከእንፋሎቱ ጋር ይወጣል። ቤቱ ጥሩ ከሸተተ መድኃኒቱ አየር ላይ ነው ማለት ነው። ብርጭቆውን በሲኒ ሳህን ክደኑት። ጊዜው ሲደርስ ሳህኑን ቀስ ብላችሁ አንሡና ገልብጣችሁ እዩት። ከሥሩ ጠብታዎች ተንጠልጥለዋል። አሽቱት፤ ከሻዩ ራሱ ይበረታል። እነዚያን ጠብታዎች ወደ ብርጭቆው መልሱ። በዚሁ ምክንያት ቅጠሉን ጀበና ውስጥ ጨምሮ ማንተክተክ አይመከርም። ውሃው ይፍላ፣ እሳቱ ይጥፋ፣ ከዚያ ይፍሰስበት።

ስኳር አታብዙ፤ ሲበዛ ራሱ ጋዝ ሊፈጥር ይችላል። ማር ጥቂት ይቻላል። አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር በምንም መልኩ አይሰጥም።

ከጠጡ በኋላ

ሞቅ እንዳለ፣ በጉንጭ በጉንጭ ይጠጣ። ጋደም አትበሉ። ቤት ውስጥም ቢሆን ወዲያ ወዲህ በሉ፤ መራመድም ጋዙን ያንቀሳቅሰዋል። ተራ መነፋት ከሆነ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ጋዙ መውጣት ይጀምራል። ካስፈለገ ከሦስት አራት ሰዓት በኋላ ሁለተኛ ብርጭቆ ይቻላል። በቀን ከሦስት አትለፉ። እንስላልን ደግሞ ከሁለት ሳምንት በላይ በተከታታይ አትጠጡ፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሻይ የሚያስፈልገው ሆድ ምርመራ ያስፈልገዋል።

የመጀመሪያውን ብርጭቆ የጠጣችሁበትን ሰዓት ስልካችሁ ላይ ጻፉ። ይህ ትንሽ ነገር ለምን እንደሚጠቅም ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

ሳያማክሩ መጠጣት የሌለባቸውም አሉ። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት እንስላልን እንደ መድኃኒት አዘውትራ አትጠጣ። የጡት ካንሰር ያለባት ወይም የነበረባትም እንዲሁ፤ እንስላል የሴት ሆርሞን የመሰለ ባሕርይ አለው። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ካሞማይልን ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይልመድ፤ ደም የማቅጠን ኃይሉን ሊጨምርበት ይችላል። አደይ አበባንና ሱፍን የመሳሰሉ አበባዎች የሚያስነጥሱት ወይም የሚያሳክኩት ሰው በካሞማይልም ሊነሣበት ይችላል።

ሕፃናትን በተመለከተ የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ድርጅት ከ4 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንስላልን አይመክርም። የናና ዘይት ደግሞ ጨቅላ ሕፃን አፍንጫ አጠገብ አይቀባም፤ ትንፋሹን ሊያውከው ይችላል። ለጨቅላ "ሆዱ ነፋው" ብሎ የእንስላል ውሃ መስጠት በብዙ ቤት የተለመደ መሆኑን አውቃለሁ። ግን ስድስት ወር ላልሞላው ልጅ የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል። በየተወሰነ ደቂቃ እግሩን ወደ ሆዱ እየሰበሰበ የሚያለቅስ፣ በመሃል ዝልፍልፍ የሚል፣ የሚያስመልስ ወይም ደም የተቀላቀለበት ሰገራ ያለው ሕፃን ደግሞ በሻይ አይጠበቅም። አንጀቱ እርስ በርሱ ገብቶ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ሆስፒታል ይወሰዳል።

የፋሲካው ቀን

የእህቴ ልጅ 17 ዓመቱ ነበር። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ እንደማንኛችንም ፈሰከ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ "እምብርቴ አካባቢ ቆረጠኝ" አለ። ሁላችንም ሳቅን፤ ዶሮው ነው አልን። ቁርስ ሲቀርብለት እንቢ አለ። በዓል ቀን፣ 17 ዓመት ልጅ፣ ምግብ እንቢ ሲል መንቃት ነበረብን። እሱ ሁልጊዜ ለምግብ የሚጋፋ ልጅ ነው።

6 ሰዓት ላይ እህቴ እንስላል አፈላችለት። አንዴ አስመለሰ። "ጥሩ ነው፣ ወጣለት" አልን። 9 ሰዓት ላይ ናና ሰጠነው። እሱም ትንሽ ቀለል አለኝ አለና ተኛ። ወደ ማታ 12 ሰዓት ላይ ሲነሣ ሕመሙ ቦታ ቀይሮ ነበር። ከእምብርቱ ወርዶ በቀኝ በኩል፣ ከዳሌው አጥንት ከፍ ብሎ ተቀምጧል። ሲጠየቅ በአንድ ጣት ጠቆመው። ሲራመድ ጎንበስ ይላል። ሰውነቱም ተኩሷል።

ታክሲ ውስጥ የሆነውን አልረሳውም። መኪናው ብሬከር ላይ ጎማው ዘፍ ባለ ቁጥር ልጁ ቀኝ ጎኑን ይዞ ይጮኻል። ሹፌሩ ዞር ብሎ "ወንድሜ፣ ትርፍ አንጀት እንዳይሆን" አለ። እሱ እንዳለው ነበር። ያን ሌሊት ቀዶ ጥገና ተደረገለት። አብጦ ነበር፤ ግን አልፈነዳም።

የዚያ ሕመም መንገድ መጽሐፍ ላይ እንዳለው ነው። ትርፍ አንጀት ሲቆጣ መጀመሪያ እምብርት አካባቢ ያማል፤ ምግብ ያስጠላል፣ ያቅለሸልሻል። ከሰዓታት በኋላ ሕመሙ ወደ ቀኝ ታች ይወርዳል። መዝለል፣ ማሳል፣ መኪና ሲነቀንቅ ማመም የሆድ ዕቃው ሽፋን መቆጣቱን ይናገራል። ሁሉም ሰው ላይ ግን በዚህ ቅደም ተከተል አይመጣም፤ በተለይ ሕፃናት፣ አረጋውያንና ነፍሰ ጡሮች ላይ ይለያያል። "ቀለል አለኝ" የሚለውም አያታልላችሁ። የፈነዳ ትርፍ አንጀት ለጥቂት ሰዓት ፋታ ሊሰጥ ይችላል፤ ከዚያ ሕመሙ ሆድን በሙሉ ይይዛል።

ሻዩን ትታችሁ የምትሄዱበት ሰዓት

ድሮ ጤነኛ በነበረ ሰው ላይ የጀመረ ብርቱ የሆድ ሕመም 6 ሰዓት ያህል ቆይቶ ካልለቀቀ፣ ሐኪም ይየው። ስልካችሁ ላይ ሰዓት ጻፉ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። በዓል ላይ ሰዓት ሳይታወቅ ይሄዳል።

6 ሰዓት የማይጠበቅባቸውም አሉ። ሆዱ እንደ ጣውላ ከደነደነ፣ ወይም ሲነኩት የማያስጠጋ ከሆነ። ደም ወይም የቡና አተላ የመሰለ ነገር ካስመለሰ። ሰገራው እንደ ሬንጅ ጥቁርና የሚያጣብቅ ከሆነ፤ የአይረን ኪኒን ሰገራ ያጠቁራል፣ ሬንጅ አያስመስልም። ራሱን ከሳተ ወይም ቀዝቃዛ ላብ ካላበው። ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ወይም ከሕመሙ ጋር ትኩሳትና ብርድ ካንቀጠቀጠው። የወር አበባ የቀረባት ሴት ከሆድ በታች ብርቱ ሕመም ከተሰማት ደግሞ ማህፀን ላይ ያልተቀመጠ እርግዝና ሊሆን ይችላል፤ ደሙ ወደ ውስጥ ስለሚፈስ ከውጭ ላይታይ ይችላል።

አንዱን ለብቻ ላንሣው። ዕድሜው የገፋ፣ በተለይ ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው "ጨጓራዬ ላይ ተጫነኝ" ብሎ ላብ ካላበው ወይም ትንፋሽ ካጠረው፣ ልብ ሊሆን ይችላል። የልብ ሕመም አንዳንዴ ጨጓራ መስሎ ይመጣል። ለአባቶቻችን የምናፈላው ሻይ እዚህ ላይ ደቂቃ ይበላል።

ዛሬውኑ ባይሆንም በዚህ ሳምንት መታየት ያለበት ደግሞ አለ። ሳይፈልግ የከሳ፣ ሲውጥ የሚይዘው፣ ደም ማነስ የተገኘበት፣ ሕመሙ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሰው፣ ወይም ዕድሜው ከ50 አልፎ አዲስ የሆድ ችግር የጀመረው ሰው። ለጉልበት ወይም ለወገብ ዳይክሎፌናክ ወይም ኢቡፕሮፌን እየወሰደ ሆዱን የሚያቃጥለው ሰውም ከሻይ በፊት ኪኒኑን ይጠርጥር። እነዚህ መድኃኒቶች የጨጓራ ግድግዳ ያቆስላሉ። ካሞማይል ስሜቱን ሲያለዝበው ቁስሉ ሊቀጥል ይችላል።

ሐኪም ቤት ለመሄድ ከወሰናችሁ ሻዩም ምግቡም ይቁም። ቀዶ ጥገና ካስፈለገ ባዶ ሆድ ይሻላል። የሚያስቀምጥ መድኃኒት አትስጡት፣ ሆዱን አታሹት። አዲስ አበባ ላይ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። አሜሪካ 911፣ የአውሮፓ ኅብረት አገሮች 112፣ እስራኤል 101።

በመንገድ ላይ ሕመሙ ስንት ሰዓት እንደጀመረ፣ የት ጀምሮ የት እንደሄደ፣ ጋዝና ሰገራ መጨረሻ የወጣው መቼ እንደሆነ፣ የተወሰደው ኪኒንና የተጠጣው ቅጠል ምን እንደሆነ አስታውሱ። ቅጠሉን አትደብቁ፤ ሐኪሙ ሊቆጣችሁ አይደለም የሚጠይቀው። በዚያ ሌሊት ተረኛው ሐኪም ገና አልጋው አጠገብ ሳይደርስ "ስንት ሰዓት ላይ ጀመረው?" ብሎ ጠየቀ። እኔ "ከሰዓት በኋላ መሰለኝ" አልኩ። እህቴ ግን "አይ፣ እንስላሉን 6 ሰዓት ላይ ነው ያፈላሁለት፤ ከዚያ በፊት ሁለት ሰዓት ያህል ሲያጉረመርም ነበር" አለችው። እሱ የሷን መልስ ካርዱ ላይ ጻፈ።